ጣቢያው ተቀይሮም የማይለቅ ሎጎ፦ በአባቴ ኦሌድ ቲቪ ላይ የከፈትኩት ክር

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ምን ላይ ደረሰ እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ መልሶቹን አንድ በአንድ ከመቆፈር ይቅለል ብዬ የተባባልነውን በራሴ ቃል ከላይ እስከ ታች አስፍሬዋለሁ። የረሳሁት ካለ የቁጥሩ ባለቤት ያርመኝ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ይህን ይል ነበር። ቤታችን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ 55 ኢንች ኦሌድ ቲቪ ይዞልን መጣ። አባባ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ቁርሱን ሳይጨርስ አንድ የዜና ጣቢያ ይከፍታል፣ እስኪተኛም ድረስ ያው ጣቢያ ነው። በቀን ዘጠኝ ሰዓት አይጎድልም። በቀደም እህቴ ፊልም ከፍታ በረሃው፣ አሸዋው ሲመጣ ከላይ በቀኝ በኩል የጣቢያው ሎጎ ደብዝዞ ቆሞ አየነው። ከታችም የዜናው ጽሑፍ የሚሮጥበት ቦታ እንደ ሰንበር ወጥቷል። ምስሉን ጥቂት ጥቂት እያንሸራተተ ፓነሉን ይጠብቃል የተባለው Screen Move ደግሞ ከመጀመሪያውም በርቷል። በርቶ እያለ ይህ እንዴት ሆነ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

መልስ 1

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ፣ ትሁትም ነበር። ጸሐፊው ምስሉ በየጊዜው ስለሚንቀሳቀስ የትኛውም ፒክስል አንድ ነገር ላይ ተቸንክሮ እንደማይቀር፣ ስለዚህ የኛ ቲቪ ከፋብሪካው የተበላሸ መሆን እንዳለበት ገለጸልኝ። ዋስትና ካለው እንድመልሰው መከረኝ። ምስሉ መንቀሳቀሱ እውነት ነው። ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ግን አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መልስ 2

ከአጋሮ የጻፈ ሰው ነው። የሱም ቲቪ ግማሽ ጎኑ ጠቁሮ ሰማያዊ እየመሰለ እንደሆነ፣ እኔ መፍትሔ ካገኘሁ እንድነግረው ለመነኝ። ቲቪው ግን ከጀርባ በመብራት የሚበራ ተራ ኤልሲዲ ነው። የሞተበት የጀርባው መብራት ነው እንጂ የቀረ ምስል አይደለም። ይህን ስነግረው ዝም አለ። በኋላ ይመለሳል።

መልስ 3

የመድረኩ የድሮ አባላት ሽቦ በሚለው ስሙ የምናውቀው፣ መርካቶ ቲቪና ሪሲቨር የሚጠግነው ሰው ገባ። መልስ አልሰጠም፣ ሦስት ነገር አዘዘኝ። አንደኛ፣ የሎጎውን ስፋት በማስመሪያ እንድለካ። ሁለተኛ፣ ወጥ ግራጫና ወጥ ቀይ ምስል በኮምፒውተር ሠርቼ በፍላሽ ቲቪው ላይ ከፍቼ፣ መብራት አጥፍቼ ፎቶ እንዳነሳ። ሦስተኛው ጥያቄ ግር አለኝ፦ ማታ ቲቪው የሚጠፋው እንዴት ነው፣ በማንስ እጅ ነው?

መልስ 4 (የኔ)

ሎጎው 9 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ግራጫው ላይ ሎጎውም ሰንበሩም ይታያሉ። ቀዩ ላይ ሎጎው ጎልቶ ጠቁሯል፣ ሰንበሩ ግን ለማየት ዓይን ማጥበብ ይፈልጋል። ስለ ማታው ደግሞ እውነቱን ጻፍኩ። ከዚህ በፊት የነበረንን ቲቪ መብረቅ በልቶታል። ከዚያ ወዲህ አባባ በሪሞት አጥፍቶ ሪሞቱን ሳያስቀምጥ የስታብላይዘሩን ማብሪያ ይጫናል፣ ሶኬቱንም ነቅሎ ገመዱን ይጠቀልላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማታ አላለፈውም።

መልስ 5

ልብስ በስልክ የምትሸጥ እህት የራሷን ታሪክ አመጣች። ቀኑን ሙሉ ሱቋ በር ላይ፣ ፀሐይ ስለሆነች ብርሃኑን ጥግ አድርሳ ከደንበኞቿ ጋር ትጻጻፋለች። አሁን ነጭ ገጽ ስትከፍት የፊደል ሰሌዳው ቅርጽ ከታች ተስሎ ይታያታል። ስልክስ ፒክስል አያንቀሳቅስም ወይ ብላ ጠየቀች። ሽቦ ኋላ ላይ በሁለት መስመር መለሰላት፦ ስልኩ ተቆልፎ እያለ የሚታየው ሰዓት ቦታ የሚቀያይረው ለዚሁ ነው፣ የፊደል ሰሌዳውን ግን ማንም አያንቀሳቅስላትም፤ መልኩን ወደ ጥቁር ትቀይረው፣ ብርሃኑንም ጥላ ውስጥ ስትሆን ታውርደው።

መልስ 6

የክሩ ልብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ሽቦ የሂሳብ አስተማሪ ልጅ መሆኔን አውቆ ይመስል በሂሳብ ጀመረ። የ55 ኢንች ቲቪ ስፋቱ ወደ 122 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በዚያ ላይ 3840 ፒክስል ተደርድሯል። አንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ 31 ገደማ አለ ማለት ነው። የአባቴ ሎጎ ስለዚህ 280 ፒክስል አካባቢ ይሰፋል። Screen Move ምስሉን በ10 ፒክስል ገፋ እንበል፤ በማስመሪያ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የሎጎው ጠርዝ እረፍት ያገኛል። መሃሉ ግን ወደ ግራም ተገፋ ወደ ቀኝ አሁንም ሎጎው ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ መከላከያ የሚያገለግለው ለቀጭን ነገር፣ ለሰዓት ቁጥርና ለመስመር ነው። ወፍራም ሎጎ ላይ ትርፉ ጠርዙን ማደብዘዝ ብቻ ነው፣ ዓይን ቶሎ የሚይዘው የተሳለ ጠርዝን ስለሆነ።

ቀጥሎ ወደ ሶኬቱ መጣ። ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ነው የሚያበራው፣ ባበራ ቁጥርም እንደ ጧፍ ያልቃል። ከዚህ ሌላ ግን ፒክስሉን የሚነዳው ኤሌክትሮኒክስ ራሱ ለረጅም ሰዓት አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ከልኩ ይንሸራተታል፤ ይህም ጥላ ይፈጥራል፣ ግን የሚመለስ ጥላ ነው። የሚመልሰውም ቲቪው ራሱ ነው። በድምሩ 4 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በሪሞት ስታጠፋው የጠፋ ይመስላል እንጂ አሥር ደቂቃ ገደማ ጨለማ ውስጥ ሥራ ላይ ነው፤ ፒክስሎቹን እየለካ ያስተካክላል። በ2,000 ሰዓት አንዴ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ትልቅ ማስተካከያ አለው። የአባቴ ቲቪ በቀን ዘጠኝ ሰዓት በሁለት ዓመት ከ6,500 ሰዓት በላይ ሄዷል። ትልቁ ማስተካከያ ሦስት ጊዜ መደረግ ነበረበት፤ ትንሹማ በየማታው። አባባ ሁሉንም ገና ሲጀምር አንቆታል።

የሽቦ ግምት የምናየው ጥላ ሁለት ነገር የተደራረበ ነው የሚል ነበር፦ የሚለቅ ቅሪትና የማይለቅ እልቀት። የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀለም ብቻ መፍረድ እንደማይቻል፣ ማስተካከያው ከሠራ በኋላ የተረፈው ብቻ እልቀት እንደሚባል ነገረኝ። ትእዛዙም ሦስት ማታ ሳይነቀል እንዲያድር፣ ከዚያ በዚያው ስልክ ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ፎቶ እንዳነሳ ነበር። ትልቁን ማስተካከያ በእጅ የሚያስጀምረውን፣ ምናሌው ውስጥ ያለውን Pixel Cleaning ግን ቸኩዬ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ።

ከመልስ 7 እስከ 11

ድምፁ እዚህ ጋ ሻከረ። ሰባተኛው ሰው እንዲህ ያለ ቲቪ መብራት በሚመላለስበት አገር ማስገባት ገንዘብ መጣል እንደሆነ፣ የአክስቴ ልጅ በዚያው ዋጋ ሁለት ኤልሲዲ ማምጣት ይችል እንደነበር ጻፈ። ስምንተኛው ኤልሲዲ ላይ ጥቁር ግራጫ እንደሚሆን፣ ያንን ማየት ከፈለገ ይመልከት አለው። ከዚያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገቡ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ አልዘረዝርም። ሰባተኛው ኤልሲዲ በሎጎ እንደማይያዝ መናገሩ ግን ከሞላ ጎደል ልክ ስለሆነ ሊነሳለት ይገባል፤ ዜና ብቻ ለሚከፈትበት ቤት ምክሩ ሞኝነት አይደለም።

መልስ 12 እና 13

አንዱ የራሱን መድኃኒት አመጣ፦ ነጭ ምስል ከፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር። እሱ አድርጎት ጥላው እንደጠፋለትም መሰከረ። ሽቦ ትዕግሥቱ አለቀ። ነጭ ማሳደር ያጠረውን ጧፍ እንደማያስረዝም፣ ረጃጅሞቹን ጨምሮ ማንደድ መሆኑን፣ የሰውየው ጥላ የጠፋውም ቀድሞውኑ የሚለቅ ዓይነት ስለነበር እንደሆነ ጻፈ። ይህን ብቻ ቢል ጥሩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምክር ሰጪ ነው ሥራ የሚያመጣልኝ ብሎ ጨመረበት። አሥራ ሁለተኛው ተቀይሞ በመልስ 14 ያልተማረ ሰው አያስተምረኝም የሚል ነገር ጽፎ ወጣ። የመድረኩ አስተናጋጅ ሁለቱንም ገሠጸ።

መልስ 15

አጂፕ አካባቢ ቡና ቤት ያላት ሴት የጻፈችው የራሴ ጥያቄ ያልደረሰበትን ነገር ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሲከብድ ዲሹ ይቋረጥና ሪሲቨሩ No Signal የሚል ሳጥን መሃል ላይ ይለጥፋል። አስተናጋጆቿ ዝናቡ ያባራል እያሉ ይተዉታል፣ ሳጥኑ አንዳንዴ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይቆማል። ቲቪው በበኩሉ ከሪሲቨሩ ምስል እየደረሰው ስለሆነ የጠፋ ነገር መኖሩን አያውቅም። አሁን ስክሪኗ መሃል ላይ የሳጥኑ ጥላ አለ። ሎጎ ቢሆን ጥግ ላይ ነው፣ ይህ የተጫዋቾቹ ፊት ላይ ነው የሚወጣው ብላ አዘነች። ካየችው በኋላ ሁለት ነገር አድርጋለች፦ ዲሽ ሲቋረጥ ቲቪው ወዲያው እንዲጠፋ አዘዘች፣ 100 ላይ የነበረውን OLED Pixel Brightness ወደ 45 አወረደች። ደንበኛ ጨለመ ያለ የለም፣ ቤቷ ውስጥ ፀሐይ አይገባም።

ሽቦ ብርሃኑ ላይ አጥብቆ ደገፋት። ብርሃን በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው ከእጥፍ በላይ እንደሚረዝም፣ ግንኙነቱ አንድ ለአንድ እንዳልሆነ ጻፈ። አርቲንግስ የተባለው የካናዳ የቲቪ መርማሪ ድርጅት በ2018 ስድስት ተመሳሳይ ኦሌዶችን በቀን 20 ሰዓት እያበራ ማሠራት መጀመሩን ጠቀሰ። ሁለቱ ላይ የተከፈተው አንድ ዓይነት የዜና ጣቢያ ሆኖ ብርሃናቸው ብቻ ይለያይ ነበር፤ ቀድሞ የተጎዳው ብርሃኑ ጥግ የደረሰው ነው።

መልስ 16

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ኦሌድ ላፕቶፕ አለው። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር እየመጣ ሲሄድበት ብልሽት መስሎት Pixel Shift የሚለውን አጥፍቶት እንደነበር ተናዘዘ። መስመሩ ምስሉ ሲገፋ የሚከፈተው ቦታ ነበር። አሁን መልሶ አብርቶታል፣ ግን የሽቦን ሂሳብ ካነበበ በኋላ በሱ ብቻ አልተማመነም። ከታች ያለውን የዊንዶውስ መስመር ራሱን እንዲደብቅ Automatically hide the taskbar የሚለውን መርጧል። ቡና ለመጠጣት ሲነሳም ስክሪኑ በ3 ደቂቃ እንዲጠፋ ይቺን ጽፏል፦

```
powercfg /change monitor-timeout-ac 3
```

ቻርጅ ላይ ላለ ላፕቶፕ ነው፤ በባትሪ ለሚሠራ ac የሚለውን dc ማድረግ ነው።

መልስ 17 እና 18

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው ተቆጥቶ ገባ። በክረምት ጅማ ውስጥ ሶኬት ሳትነቅሉ እደሩ ብሎ መምከር ሰው ቤት እሳት መላክ ነው አለ። ደግሞም መብረቅ የሚገባው በመብራት መስመር ብቻ እንዳልሆነ፣ የዲሹ ገመድም ጣሪያ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ሶኬት ነቅሎ የዲሹን ገመድ የሚተው ሰው ግማሽ በር ዘግቶ እንደተኛ እንደሆነ አስረዳ። አባባ ይህን ሳነብለት ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። የዲሹን ገመድ ነቅሎ አያውቅማ።

ሽቦ አልተከራከረም፣ ግን አልተረታም። ነጎድጓድ ካለ ወዲያው ይነቀል፤ በመሃል የተቋረጠ ማስተካከያ በሌላ ማታ ይሞከራል። ሰማዩ ጸጥ ካለ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ መንቀል ሁለቱንም ያስታርቃል። ኤሌክትሪሻኑ መብረቅ ቀጠሮ አይሰጥም ብሎ መለሰ። ይህ ክርክር እስካሁን አልተዘጋም፤ እኔም ለማን ልፍረድ?

መልስ 19 (የኔ)

የሦስቱን ማታ ውጤት ጻፍኩ። በመጀመሪያው ማታ አባባን አስተኝቼ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ። የስታብላይዘሩ ቁጥር ብቻ ያበራል። በሪሞት ካጠፋሁት ጥቂት ቆይቶ ከቲቪው ጀርባ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ማብሪያ የሚጫን ይመስላል። ከዚያ ጸጥታ። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና ቀጭ አለ። ሁለት ዓመት በቤታችን የኖረውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ማታ ከሽፏል፤ ዝናብ ነበር፣ ገና ሳናጠፋው መብራት ሄደ። ሦስተኛው ማታ የመጀመሪያው ቀጭ ከተሰማ በኋላ ሁለተኛው ሊመጣ አልቻለም፤ ሰዓቴን ሳይ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ትልቁ ማስተካከያ መሆን አለበት ብዬ ትቼው ተኛሁ።

በማግስቱ ግራጫውን ስከፍት ከታች የነበረው ሰንበር የለም። የሚለቅ ቅሪት ብቻ ነበር ማለት ነው። ሎጎው ግን አለ። ግራጫው ላይ ስስ ሆኗል፣ ቀዩ ላይ ግን ከበፊቱ ብዙም አልተለየም። ጠርዙን በማስመሪያ ሳይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የደበዘዘ ዳር አለው፤ ሽቦ እንዳሰላው። ጣቢያው የሚጠቀመው ቀይ ሎጎ ስለሆነ ያለቀው ቀዩ ነው።

መልስ 20 እና 21

የአጋሮው ሰው ተመልሶ የጀርባ መብራት ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀ። ሽቦ ሱቁ ይዞት እንዲመጣ ነገረው።

ሌላው ደግሞ ሎጎው እስኪጠፋ Pixel Cleaningን በየሳምንቱ ለምን አላሠራውም አለኝ። ሽቦ ይህን አጥብቆ ከለከለ። ሶኒ ለራሱ ቲቪዎች Panel refresh የሚለውን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳናደርግ፣ ፓነሉን ሊጎዳ እንደሚችል እንደሚያስጠነቅቅ ጠቀሰ። ማስተካከያው ያለቀውን አይተካም፣ የተቀረው ከሱ ጋር እንዲመሳሰል ያደርጋል፤ ይህ ደግሞ ወሰን አለው። የኛ ቲቪ አሁን ትልቁን ስላደረገ ለዓመት እንድተወው ነገረኝ። Adjust Logo Brightness የሚለውን ግን High ላይ እንዳደርገው መከረኝ፤ ቆሞ የሚቀረውን ሎጎ ለይቶ እሱን ብቻ ያደበዝዛል። አንዱ ወዲያው የሱ ጣቢያ ሎጎ እየተሽከረከረ ስለሆነ ቲቪው እንደማይለየው አስተባበለ። ይህም ይሆናል።

መልስ 22

ልብስ የምትሸጠው እህት ነች። ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችኝ፦ አባትህ ዘጠኙን ሰዓት በሙሉ ያያሉ ወይስ ይሰማሉ?

ቅዳሜ ዕለት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ቲቪው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል በራ። አባባ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጓሮ ቡና ሲያሰጣ፣ ከጎረቤት ጋር በር ላይ ሲያወራ፣ ሶፋው ላይ ሲያንቀላፋ ነው ያሳለፈው። ድምፁን ነው የሚፈልገው። ምናሌው ውስጥ Screen Off የሚል አለ፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ዜናው መነበቡን ይቀጥላል። ይህን ሲያነብ ሰባተኛው ሰው ራሱ ተመልሶ መጣና፣ ታዲያ ራዲዮ ግዙላቸዋ አለ። በክሩ ውስጥ ሁሉም የተስማማበት መልስ ይህ ብቻ ነው።

አባባ ራዲዮውን አልፈለገም፣ Screen Offን ግን ተማረ። በዜናው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ስም ሲጠራ ቶሎ መልሶ ያበራዋል። የሎጎው መደብዘዝ ግን አልተስማማውም፣ ጣቢያው የከሰረ መሰለኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

ሶኬቱን አሁንም ይነቅላል። ማታ በሪሞት ካጠፋ በኋላ ገመዱን በእጁ ይዞ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ጸሎቱን እዚያው ያደርሳል። ሁለተኛው ቀጭ ሲል ብድግ ብሎ መጀመሪያ የዲሹን፣ ቀጥሎ የመብራቱን ይነቅላል።